መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ትምህርት ሲታቀድ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ክፍሉ ሁለተኛ ክፍል ነው እንበል፤ ተማሪዎቹ 60፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ርዕሱ ከአሥር ቤት እየተበደሩ መቀነስ። መጽሐፍ ያለው መምህሩ ብቻ ነው፤ መብራት የለም። ያለው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ እና የልጆቹ እጅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በዚሁ አንድ ትምህርት ላይ የሚታዩ ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ዕቅዱ ሲጻፍ ነው።

የመጽሐፉን ገጽ ሰሌዳ ላይ መገልበጥ

መጽሐፍ የለም ሲባል ብዙ መምህር መጀመሪያ የሚያስበው ራሱ መጽሐፍ መሆንን ነው። ማብራሪያውን፣ ምሳሌውን፣ መልመጃውን በሙሉ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ፊደል በፊደል እያየ ስለሚጽፍ መምህሩ በአሥር ደቂቃ የጻፈውን ለመገልበጥ ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይፈጅበታል። ደወሉ ሲደወል ደብተሩ ሞልቷል፤ መቀነስን ግን ማንም አልሠራም።

መድኃኒቱ ሰሌዳውን ማቀድ ነው። በዕቅድ ደብተሩ ላይ አራት ማዕዘን ይሣልና ለሦስት ይከፈል። ግራው ጠባብ ሆኖ ቀኑን፣ ርዕሱን እና ልጆቹ የሚገለብጡትን አንድ ምሳሌና ሦስት ጥያቄ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አይጻፍበትም። መሐሉ ሰፊ ነው፤ ምሳሌው ደረጃ በደረጃ የሚሠራበት ቦታ ስለሆነ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ አይጠፋም። ቀኙ ተማሪ ወጥቶ የሚሞክርበት፣ የሚጻፍበትና የሚጠፋበት ነው። መሐሉን ማጥፋት የተለመደ ጥፋት ነው፦ መምህሩ ሁለተኛውን ምሳሌ ለመሥራት የመጀመሪያውን ይደመስሰዋል፤ በሁለተኛው ግራ የተጋባው ልጅ ዞሮ የሚያየው ነገር አይኖረውም።

ስለ ጽሑፉ መጠን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቁጥሩን ጽፎ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ሄዶ፣ ልጆቹ በሚቀመጡበት ከፍታ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ብርሃን የሚገባው በመስኮት ብቻ ስለሆነ ሰሌዳው ከአንዱ ጥግ ሲታይ ሊያንጸባርቅ ይችላል። ያ ጥግ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይለያያል። ቀይና ሰማያዊ ጠመኔ ከሩቅ ስለሚደበዝዝ ለቁጥር ነጭ ወይም ቢጫ ይሻላል።

«ከአካባቢ የሚገኙ ቁሳቁሶች» ብሎ ማለፍ

በዕለታዊው የትምህርት ዕቅድ ላይ «የመርጃ መሣሪያ» የሚል ዓምድ አለ። ብዙ ጊዜ የሚሞላው በዚህች ሐረግ ነው። ሱፐርቫይዘሩም ያልፋታል። ችግሩ ሐረጓ ምን፣ ስንት፣ በማን እጅ፣ መቼ የሚሉትን ጥያቄዎች አለመመለሷ ነው። መምህሩ ክፍል ሲገባ ጥቂት እንጨቶች ይዞ ፊት ለፊት ቆሞ ያሳያል፤ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ልጅ የሚያየው የመምህሩን እጅ ብቻ ነው።

ስሌቱ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ልጆቹ በአምስት በአምስት ቢቀመጡ 12 ቡድን ይሆናሉ። ከ60 ከማይበልጥ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ላይ ለመቀነስ አንድ ቡድን 60 እንጨት ይበቃዋል፦ አሥር አሥር ሆነው የታሰሩ አምስት እስሮች እና አሥር ልቅ እንጨቶች። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ 12 እንጨት ማምጣት አለበት። በዕቅዱ ላይ የሚጻፈው ይህ ቁጥር ነው። ለልጆቹም ሲነገር «እንጨት አምጡ» ሳይሆን «ከመሐል ጣታችሁ የማይረዝም፣ 12 የሰንበሌጥ አገዳ» ተብሎ ነው፤ ካልሆነ አንዱ የማገዶ ፍላጭ፣ ሌላው የክብሪት እንጨት ይዞ ይመጣል። ሰንበሌጥ በሌለበት የማሽላ አገዳ ስንጣሪ ይሆናል።

በቆሎና ባቄላ ለመቁጠር ቢመቹም አልመክርም። ለአሥር እስር አይሆኑም፤ ይነቅዛሉ፤ ደግሞም ከቤት የሚመጣ እህል የእናት ጓዳ ነው። ጠጠርም መቁጠር ያስተምራል እንጂ መታሰርና መፈታት አይችልም። የዛሬው ትምህርት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በመፍታት ላይ የቆመ ነው።

ማሰሩን በዚያው ክፍለ ጊዜ ለማሠራት ማቀድም ሌላ ወጥመድ ነው። ስልሳ ልጅ ልጥ ሲፈልግ፣ ሲቆጥርና ሲቋጥር ግማሹ ጊዜ ያልቃል። ከአንድ ቀን በፊት በእጅ ሥራ ወይም በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ይሠራ፤ ቋጠሮውም በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን። አሥር አሥር እየቆጠሩ ማሰር ራሱ ስለ አሥር ቤት ትምህርት ስለሆነ ያ ጊዜ አይባክንም።

የምሳሌውን ቁጥር እንደመጣ መምረጥ

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ስህተት አይመስልም። መምህሩ በጭንቅላቱ የመጣለትን 52 − 27 ይጽፋል። መልሱ 25 ነው፤ ብዙ ልጆች 35 ይላሉ። ለምን እንደተሳሳቱ ግን ከመልሱ ማወቅ አይቻልም። አንደኛው ልጅ ትንሹን ከትልቁ ቀንሶ 7 − 2 ብሏል፤ 5 አገኘ፤ ከዚያ 5 − 2 ብሎ 3። ሌላኛው በትክክል ተበድሮ 12 − 7 ብሏል፤ እሱም 5 አገኘ፤ ነገር ግን አሥር ቤቱን መቀነስ ረስቶ 5 − 2 ብሎ 3። ሁለቱም 35። የመጀመሪያው ልጅ መበደር ገና አልገባውም፤ ሁለተኛው አንድ እርምጃ ብቻ ነው የጎደለው።

አሁን 27ን በ28 እንለውጥ። የ52 − 28 ትክክለኛ መልስ 24 ነው። ትንሹን ከትልቁ የሚቀንሰው ልጅ 36 ያገኛል፤ አሥር ቤቱን የረሳው 34። እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ምልክት አለው። በአንድ ቤት ያሉት ሁለት አሃዞች በ5 ሲለያዩ ሁለቱ ስህተቶች ይደባለቃሉ፤ 43 − 18 እና 54 − 29ም እንዲሁ ናቸው። ለሁለተኛ ጥያቄ 40 − 13 ጥሩ ነው፦ 27 ትክክል፣ 33 ትንሹን ከትልቁ፣ 37 የተረሳ አሥር።

52 − 28 በእንጨት ሲሠራ ቡድኑ አምስት እስርና ሁለት ልቅ ያስቀምጣል። ስምንት ልቅ ለማንሳት ሲሞክር አይበቃውም። መምህሩ እዚህ ላይ ዝም ይበል፤ ከልጆቹ አንዱ አንዱን እስር ይፈታዋል። ሲፈታ አራት እስርና 12 ልቅ ይሆናል። በዚያው ቅጽበት መምህሩ በሰሌዳው መሐል 5ን ሰርዞ 4፣ 2ን ሰርዞ 12 ይጽፋል። መሰረዙ ከመፍታቱ ቀድሞ ከመጣ ልጆቹ የሚያጠኑት ሰረዙን ነው።

መልስ የሚሰበሰብበትን መንገድ አለማቀድ

«ገባችሁ?» ሲባል 60 ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ይህ ለመምህሩ ምንም አይነግረውም። ደብተር እየዞሩ ማየትም ለዚህ ብዛት አይበቃም። እንጨቱ ተሰብስቦ 40 − 13 በቀኙ በኩል ይጻፍ፤ ልጆቹ በደብተራቸው ይሥሩ፤ ከዚያ ጭንቅላታቸውን ደፍተው የአንድ ቤቱን መልስ በጣት ያሳዩ። ሦስት ጣት ያነሱት ነገም ወደ እንጨቱ ይመለሳሉ። ቀጥሎ የአሥር ቤቱን ያሳዩ። መጀመሪያ ሰባት አሳይተው አሁን ሦስት ያነሱት የሰሌዳውን መሐል እንዲመለከቱ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃቸዋል። ጭንቅላት መድፋቱ ከጎን ልጅ እንዳይገለብጡ ነው፤ በጣም ጥሩ የሚቆጥሩት ቀድመው ስለሚያነሱ «አሁን» እስኪባል እጅ ከጠረጴዛ በታች ይቆይ።

ሲያበቃ እያንዳንዱ ቡድን እስሮቹን ቆጥሮ በራሱ ከረጢት ያስገባል፤ የማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ ይበቃል። የተፈታው እስር እንደገና ታስሮ ካልገባ በሚቀጥለው ቀን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በማሰር ያልቃሉ። በከረጢቱ ላይ የቡድኑ ቁጥር ይጻፍ እንጂ የልጆቹ ስም አይጻፍ፤ መቅረት በበዛበት ወቅት ቡድኖቹ በየቀኑ ይቀያየራሉና።