ጎመን ፍሪዘር ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት

ለእረፍት ደሴ ከገባሁ ሳምንት አልሞላኝም። በቅርቡ ወደ ውጭ የወጡ ሁለት የሰፈራችን ልጆች ደውለው ያንኑ የተለመደ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥነው ጎመን ለምን ጠቆረ? ለምንስ ድርቆሽ ድርቆሽ ሸተተ?» ጥሬውን ከትፈው በፌስታል ጠቅጥቀውት ነው። ቅጠል ከተቀነጠሰ በኋላም በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸውን አያቆሙም። ቀለሙንና ጣዕሙን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ብርድ ያዘገያቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፤ የሚገድላቸው የፈላ ውሃ ነው።

እኔ ይህንን እያወቅሁ ነው የተሳሳትሁት። ወደ ውጭ በወጣሁበት የመጀመሪያው በጋ ጎመን ረክሶ አገኘሁና ሁለት ኪሎ ገዛሁ። አራት ሊትር ውሃ አፍልቼ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጨመርሁት። ፍላቱ ወዲያው ጸጥ አለ፤ እንደገና እስኪፈላ ብዙ ጠበቅሁ። ከታች ያለው ቅጠል ሲልፈሰፈስ መሐሉ ለብ ብሎ ብቻ ቀረ። ለብ ያለ ቅጠል ደግሞ ጭራሽ ውሃ ካልነካው ይብሳል፤ ሙቀቱ ኢንዛይሞቹን ሳይገድል ያነቃቃቸዋል። በሁለተኛው ወር ያንን ሁሉ ጎመን ደፋሁት።

ስለዚህ በአራት ሊትር ውሃ ሩብ ኪሎ ብቻ ጨምሩ። ሁለት ኪሎ ካላችሁ ስምንት ዙር ነው፤ የሚቸኩል ሰው ባይጀምረው ይሻላል። ጎመኑ ከገባ በኋላ ውሃው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ካልፈላ አብዝታችኋል። ፍላቱ ከተመለሰበት ቅጽበት ጀምራችሁ ሦስት ደቂቃ ቁጠሩ። ፎሶሊያም ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ስስ ቅጠል ግን በሁለት ይወጣል። እንደ ደሴ በዓይን አትገምቱ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ግን 100 ይደርሳል። እዚህ ደሴ የምትሠሩ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ሶዳ የሚጨምሩ አሉ፤ አረንጓዴነቱን ይጠብቃል፣ ቅጠሉን ግን ያላሽቀዋል። እኔ አልመክርም።

ከፈላው ውሃ እንደወጣ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ሌላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። አለበለዚያ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ከዚያ በእጃችሁ ጨምቃችሁ ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየለያችሁ፣ በከረጢት ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ አየሩንም አስወጡ። ወፍራም ጥቅል ቀስ ብሎ ይረጋል፤ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራና ሲቀልጥ ጎመኑን ጭቃ ያደርገዋል።

ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ አለበት። በአውሮፓ በሩ ላይ ሦስት ኮከብ ፈልጉ፤ አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ብቻ ነው። የተከራያችሁት ቤት ፍሪዘር ከተበላሸ ዛሬውኑ በጽሑፍ አመልክቱ። የእኔ አከራይ ቢሮ ሦስት ደብዳቤ አጽፎኝ ነው ሰው የላከው፤ እስከዚያ የቀለጠውን ማንም አልካሰኝም።

በትክክል የተሠራ ጎመን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ወር ይቆያል። ስታወጡት እስኪቀልጥ አትጠብቁ፤ ሽንኩርቱ ሲበስል እንደ ረጋ ድስቱ ውስጥ ክተቱት።