ቁጥሩ አንድ፣ ዙሩ ሌላ፦ ጎማ ስናቀላቅል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ መኪና ላይ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ጎማ ማየት በአገራችን የተለመደ ነው። ጎማ ውድ ነው፤ አንዱ ሲፈነዳ አንድ፣ ሁለቱ ሲያልቁ ሁለት እየገዙ መቀጠል የብዙ ሰው ኑሮ ነው። በዚህ ማንንም አልወቅስም። የሚያሳዝነኝ፣ አንድ ጎማ ለማትረፍ ተብሎ ከአራት ጎማ በላይ የሚያስወጣ ዕቃ ሲቃጠል ማየት ነው። ጎማ ሲገዛ ሁሉም የቸርኬውን ቁጥር ይጠይቃል፣ ዋጋ ይጠይቃል፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ልዩነት ነው።

«ትንሽ ሰፋ ቢል ምን ይላል?» ማለት

ፋብሪካው 225/65 አር 17 የገጠመለትን ራቭ ፎር እንውሰድ፤ አራቱንም እግር የሚነዳው ዓይነት ነው። የፊት ሁለቱ አለቁ። ባለቤቱ ሱቅ ሄዶ ያንን ቁጥር አጣ፤ ሻጩም 235/65 አር 17 አውጥቶ «ይኸው ቸርኬው ያው 17 ነው፣ ቁጭ ብሎ ይገባል» አለው። በእርግጥም ይገባል፤ መኪናውም ይነሳል፣ ይሄዳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ስፋቱ ሲጨምር ቁመቱም አብሮ ያድጋል። የ225ቱ ጎን 146 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ235ቱ 153 ገደማ ነው። ቸርኬውን ጨምረን ዙሪያውን ስናሰላ አንደኛው በአንድ ዙር 2,275 ሚሊ ሜትር፣ ሌላኛው 2,316 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ጎማ በጭነት ስለሚጎብጥ በተግባር ሁለቱም ትንሽ ያንሳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አይጠፋም።

አራት ሣንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየኪሎ ሜትሩ የኋላዎቹ ጎማዎች ከፊቶቹ ወደ 8 ዙር አብልጠው መዞር አለባቸው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ መኪናው ሲደርስ የኋላው ከፊቱ ከ2,000 ዙር በላይ በልጦ ዞሯል። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆንም።

ይህን ልዩነት የሚሸከመው ማን ነው? በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የፊቱን ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ከኋላው ዲፈረንሻል ፊት የተቀመጠ፣ በውስጡ ተደራራቢ ዲስኮች ያሉት ማያያዣ ነው። አሠራሩ ከፍሪሲዮን ጋር ይመሳሰላል። የተሠራው ፊቱ ሲንሸራተት ለጥቂት ሰከንድ፣ ወይም መኪናው ሲታጠፍ ለትንሽ ጊዜ እንዲፋተግ ነው። ጎማዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ ግን ዲስኮቹ ኃይል ለማስተላለፍ በተጠጉ ቁጥር ይፋተጋሉ፤ ዘይቱ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ዲስኮቹ ይበላሉ። ምልክቱን ማወቅ ይቻላል፦ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪ ጨርሶ አዙረው ቀስ ሲሉ ከኋላ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ ከኋላ በኩል የጋለ ዘይት ይሸታል፤ አንዳንዴም የአራት እግር መብራት ብልጭ ይላል።

ሃይሉክስ ላይ ጉዳቱ መልኩን ይቀይራል። ብዙዎቹ ሃይሉክሶች በተለመደው ጉዞ በኋላ እግር ብቻ ስለሚሄዱ፣ የፊትና የኋላው ጥንድ ቢለያይም በአስፋልት ላይ የሚሰማ ነገር አይኖርም። ፎር ባይ ፎር ሲገባ ግን የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ መሀላቸው ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። ጭቃ ወይም ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ራሱን ያስተካክላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ዘንጎቹ እየተጠመዘዙ ይወጠራሉ። ያኔ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው የታሰረ ይመስላል፣ ማርሹም ወደ ሁለት እግር አልመለስም ይላል። እንዲህ ሲያጋጥም የማርሹን እጀታ በኃይል መጎተት ጥርስ ይሰብራል። ጥቂት ሜትሮች ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ውጥረቱን ያላላዋል፤ ከዚያ በቀላሉ ይወጣል። ጎማዎቹ ካልተስተካከሉ ግን ነገም ይደገማል።

ቁጥሩ አንድ ከሆነ ጎማውም አንድ ነው ማለት

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ሰዎችም ይሳሳታሉ። 225/65 አር 17 የሚል ጽሑፍ ያላቸው የሁለት ፋብሪካ ጎማዎች በዙር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ደንቡ ራሱ ለፋብሪካዎች የተወሰነ ልዩነት ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ማለቅ አለ። የአዲስ ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የአሮጌው 3 ቢቀር፣ በአንድ ዙር የሚፈጠረው ልዩነት ወደ 31 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ቅድም ቁጥሩ ከተሳሳተው ጎማ ብዙም አይርቅም፤ ፋብሪካው አንድ፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ማለት ነው።

ሁልጊዜ በአራት እግር ለሚሄዱ መኪኖች መቻቻሉ ጠባብ ነው። ለምሳሌ ሱባሩ በአራቱ ጎማዎች መካከል ያለው የዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ከሚለው እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ በጥርስ ሲለካ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሌሎች መኪኖች የበለጠ ይታገሣሉ፤ የመኪናዎን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይበጃል።

መለኪያው ጠመኔና ሜትር ነው። አራቱንም ጎማዎች እኩል ንፋስ ይሙሉ። ደልዳላ መሬት ላይ ቆመው፣ እያንዳንዱ ጎማ መሬት በነካበት ቦታ ጎማውንም መሬቱንም በጠመኔ ያስምሩ። መኪናውን መሪ ሳያዞሩ ቀጥ አድርገው ይግፉ፤ የጎማው ምልክት አምስተኛ ጊዜ መሬት ሲነካ መሬቱን እንደገና ያስምሩና ርቀቱን ይለኩ። አምስት ዙር የምለው በምክንያት ነው፤ በአንድ ዙር የ6 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን ያመልጣል፣ በአምስት ዙር ግን 3 ሣንቲ ሜትር ሆኖ ይታያል።

አዲሱን ከፊት መግጠም

«መሪው ያለው ከፊት ነው፣ ሞተሩም የሚነዳው ፊቱን ነው፣ ስለዚህ ደኅናው ጎማ ፊት ይግባ።» ይህን ከጎሚስታም ከሾፌርም እንሰማለን፤ ቪትዝና ያሪስ ላይ ደግሞ የፊት ጎማ ቶሎ ስለሚያልቅ ነገሩ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ሰው የሚሞትበት ስህተት ስለሆነ አበክሬ እናገራለሁ፦ ሁለት ብቻ ከገዙ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ፣ ከኋላ የነበሩት ወደ ፊት ይምጡ።

ምክንያቱ ክረምት ላይ ይታያል። ውኃ የተኛበት አስፋልት ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውኃውን ገፍቶ ማውጣት ስለማይችል ከመሬት ተነስቶ ይንሳፈፋል። ይህ ከፊት ሲሆን መሪው ባዶ ይሆንብዎታል፤ መኪናው ወደ ፊት ቀጥ ይላል፣ ነዳጅ ሲለቁ ፍጥነቱ ቀንሶ ብዙ ጊዜ መልሶ ይይዛል። ከኋላ ሲሆን ግን መሪው ምንም አይነግርዎትም። ፊቱ በደንብ ይዞ ይታጠፋል፣ ኋላው ይወጣና መኪናው ይዞራል። ደንግጦ ነዳጅ መልቀቅ ወይም ፍሬን መርገጥ ደግሞ ክብደቱን ወደ ፊት አምጥቶ ኋላውን ይበልጥ ያቀለዋል። የሰለጠነ ሾፌር እንኳ ይህን መመለስ ይቸገራል። የቀሩት አሮጌዎች ጥርሳቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ከደረሰ ግን ከፊትም ከኋላም ቦታ የላቸውም።

ግራና ቀኙን ማለያየት

በአንድ መስመር ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች በፋብሪካም፣ በጥርስ ዓይነትም፣ በማለቅም አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ በመሀል ያለው ዲፈረንሻል መኪናው ሁልጊዜ እንደታጠፈ ቆጥሮ ይሠራል። በውስጡ ያሉት ትንንሾቹ ጥርሶች በቀጥታ መንገድ እንዲያርፉ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ እረፍት ሲያጡ ከሥራቸው ያሉት ሮንዴላዎች ይበላሉ። ፍሬን ሲይዙም መኪናው ደኅና ወደሚይዘው ጎን ይጎትታል፤ በዝናብ ጊዜ ይህ ይብሳል።

ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ዕድሜውንም ይዩ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች 2219 ቢሉ፣ ጎማው የተሠራው በ2019 በፈረንጆች 22ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ ከጎኑ ካለው ወጣት ጎማ እኩል አይዝም።

በንፋስ ማስተካከል

ትልቁን ጎማ ንፋስ ቢቀንሱለት ከትንሹ ጋር እኩል ይሆናል የሚል ምክር አለ። በራዲያል ጎማ ላይ አይሠራም። ከጥርሱ በታች ዙሪያውን የሚያቅፈው የሽቦ ቀበቶ ርዝመቱ በንፋስ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ ጎማው ከታች ቢተኛም በአንድ ዙር የሚሄደው ከሞላ ጎደል ያው ነው። የሚያገኙት የሚግል ጎማና የተዛባ መሪ ብቻ ነው።

አይሱዙ የሚነዱ ደግሞ ከኋላ ጎን ለጎን የሚታሰሩትን ጥንዶች ይጠንቀቁ። ሁለቱ በአንድ ቸርኬ ማሰሪያ ስለታሰሩ እኩል ከመዞር ሌላ ምርጫ የላቸውም፤ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ትንሹ እየተጎተተ ይላጣል። በ7.50-16 ጎማ ላይ ከታች እስከ አናት ያለው የቁመታቸው ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ናይለንና ራዲያልን ደግሞ በምንም ምክንያት አንድ ላይ አያጣምሩ።

ስኮርት ጎማን መርሳት

አንድ ጎማ ብቻ ሲፈነዳ የሚገጥመው ችግር በአብዛኛው ስኮርቱ ዓመታት ሙሉ ሳይነካ ስለሚቀመጥ ነው። ሙሉ መጠን ያለው ስኮርት ካለዎት በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ጎማ ሲያዟዙሩ እሱንም ያስገቡት፤ አምስቱ እኩል ያልቃሉ። አዲስ ሆኖ ተቀምጦ ከቆየ ደግሞ አንድ ተመሳሳይ ጎማ ብቻ ገዝተው ከእሱ ጋር ጥንድ ያድርጉት፤ መጀመሪያ ግን ዕድሜውን አይተው፣ በጠመኔ ለክተው። ሃይሉክስ ላይ ልዩ የሆነ ስኮርት ለጊዜው መግጠም ግድ ከሆነ ከፊት ይግባ፣ ጎሚስታ ጋ እስኪደርሱም ፎር ባይ ፎር አያስገቡ።