«እስኪ ልሞክር» ማለት ያቆምኩበት መንገድ

ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ ነው የማስተምረው። አምና ሰኔ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የሮስተር ሥራ ሊጨምሩብኝ ሲሉ፣ ይሉኝታ ይዞኝ «እስኪ ልሞክር» አልኩ። እሳቸው እሺታ ነው የሰሙት። የእኔም ማርክ ዘገየ፤ ሮስተሩም አላለቀም። ተቀያየምን።

ዘንድሮ የፈተና ኮሚቴ ግባ ሲሉኝ «ነገ መልስ እሰጣለሁ» አልኩ። ማታ በእጄ ያለውን ጻፍኩ፦ በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ፣ እስከ አርብ የሚታረም 180 ወረቀት። ጠዋት ብቻቸውን ሳሉ ገባሁ። በሰው ፊት እምቢ ማለት እኛ ዘንድ ንቀት ይመስላል።

«ጋሼ፣ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ኮሚቴውን ግን ዘንድሮ መያዝ አልችልም» አልኩና ወረቀቱን አሳየኋቸው። ሌላ ምክንያት አልደረደርኩም። ሲበዛ እያንዳንዱ መከራከሪያ ይሆናል።

«ትንሽ ሥራ እኮ ናት» አሉ።

«ይገባኛል ጋሼ፤ መልሴ ግን ያው ነው። ሰኞ ማርክ ካስገባሁ በኋላ አንድ ክፍል መፈተን እችላለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

ትእዛዝ ነው ቢሉ ኖሮ «እሺ፣ ከነዚህ የቱን ላቆየው?» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። በዚያው ቀን ሌላ መምህር መደቡ።