ተረብን ተቀብሎ በራስ ላይ ሲጨምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ከበው በሚቀመጡ ጓደኛሞች መሃል ተረብ የማይደርሰው ሰው የለም። ተራው የደረሰ ሰው ጨዋታውን በእጁ የሚያስገባበት አንድ መንገድ አለ፦ ቀልዱን "ልክ ነው" ብሎ ይቀበላል፣ ከዚያ ተራቢው ካለው የባሰ ነገር ራሱ ይጨምርበታል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሲሞክሩት ግን ብዙዎች እዚያው ላይ ይሰናከላሉ።

"አዎ፣ ግን…" ማለት

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ። ማርሚታዋ ተበስቶ ባጃጇ ከሩቅ ታጓራ ነበር። አንድ ማታ ገና ከመድረሱ አንዱ፣ "ወንድሜ፣ ጉማሬ ከዓባይ የወጣ መስሎን ልንሮጥ ነበር እኮ!" አለው። ጓደኛዬም፣ "አዎ ትጮሃለች፤ ግን ማርሚታው ባለፈው ሳምንት ነው የተበሳው፣ ነገ አስበይደዋለሁ" ብሎ መለሰ። ሳምንቱን ሙሉ ስሙ "ጉማሬ" ሆኖ ቀረ።

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ችግሩ "ግን" የምትለው ቃል ናት። እሷን የሰማ ሁሉ ነገሩ እንዳመመው ያውቃል፤ ተራቢም የሚፈልገው የሚያመውን ቦታ ማወቅ ነው። ተቀበሉ ከተባለ ሙሉ በሙሉ ነው፤ ምክንያቱ፣ ቀኑ፣ ጥገናው ይቅር።

ምስሉን ትቶ ሌላ መጀመር

በሌላ ቀን ያው ጓደኛዬ ያው ተረብ ሲመጣበት፣ "ልትሮጡ ነው እንዴ? ጉማሬዎቹ እኮ ዘመድ መጣ ብለው እየወጡ ነው!" አለ። ሳቁ ከተራቢው ወደ እሱ ዞረ፤ ተራቢውም የሚቀጥለው ነገር ጠፋው።

ለምን ሠራ? መጀመሪያ፣ ጉማሬውን አልለቀቀም። ሰሚዎቹ በዓይነ ሕሊናቸው ጉማሬ እያዩ ስለ ነበር እሱ የጨመረው ዝምድናውን ብቻ ነው። "ጎማዋም አልቋል፣ መብራቷም ጠፍቷል" ቢል ኖሮ የጉድለት ዝርዝር ይሆን ነበር፣ ለተራቢው አዲስ ጥሬ ዕቃ። ሁለተኛ፣ የጨመረው ነገር ማንም እውነት ነው ብሎ የማይቀበለው ግነት ነው። ዘመዶቹ ጉማሬዎች እንዳልሆኑ ሁሉም ስለሚያውቅ ስድቡ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

እውነተኛ ቁስልን መግለጥ

ሥራ በማጣቱ የተተረበ አንድ ልጅ፣ "ልክ ነው፣ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ናት የምታበላኝ" ሲል አይቻለሁ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ፣ አንዱ "አይዞህ" አለው። እንደ ሌሎቹ ተቀብሎ ጨምሯል፤ የጨመረው ግን ግነት ሳይሆን እውነት ነበር፤ እውነት ደግሞ ሳቅን ወደ ሐዘኔታ ይለውጣል። መለያው ቀላል ነው፦ ተናግረው ሲጨርሱ ሰሚዎቹ "ውይ" ካሉ ድንበሩን አልፈዋል ማለት ነው። ገና የሚያመውን ነገር ለዚህ አያውሉት።

ማስረዘምና መቸኮል

አንድ ጭማሪ ይበቃል። ጉማሬዎቹ ከወጡ በኋላ ስለ አክስትና አጎታቸው መቀጠል ሳቁን ያደክመዋል። የመጀመሪያው ሳቅ ሳይወርድ መናገርም መልሱን ያስውጠዋል። እርስዎም ይሳቁ፣ ሳቁ መውረድ ሲጀምር ይናገሩ፣ ከዚያ ዓሣዎን ይብሉ።

ወዲያው መልሶ መውጋት

"ጉማሬዎቹ ዘመድ መጣ አሉ፤ አንተ ደግሞ ያንን ሆድ ይዘህ…" ካሉ ተቀብለው የነበረው ሁሉ ይሰረዛል። ሰው የሚያየው የተናደደ ሰው ይሆናል።

በተለይ ከታላቅ ጋር ይህ አይሞከርም። አንድ ሽማግሌ ቀጭኑን ወጣት፣ "ደንገል መሰልክ እኮ ልጄ" ሲሉት፣ "እውነትዎን ነው አባባ፤ ታንኳ ሠሪዎች እንዳያጭዱኝ በሐይቁ ዳር ማለፍ ትቻለሁ" ብሎ መለሰላቸው። ጭማሪው ሁሉ በራሱ ላይ ነበር የወረደው፤ አክብሮቱ ሳይነካ ሽማግሌው ራሳቸው ቀድመው ሳቁ።

ተረብ ያልሆነውን መቀበል

እናትን፣ ብሔርን፣ የአካል ጉዳትን የሚነካ ነገር ከመጣ ወይም ያው ሰው ሌላው ሁሉ ሳቁን ካቆመ በኋላም ከቀጠለ፣ እዚያ መቀበልና መጨመር ፈቃድ መስጠት ይሆናል። ድምፅ ሳያነሡ "ይሄኛው ይቅር" ብሎ ወሬ መለወጥ ይሻላል። በጉማሬው ሲጫወት የከረመው ጓደኛዬ፣ ስለ ሟች አባቱ ሲነሣ ያለው ይህችኑ ብቻ ነበር፤ ማንም አልጨመረበትም።