ኢንሹራንሱን ለ12 ሳይሆን ለቀሩት ወራት አካፍሉት

አገር ቤት ያለው መኪናዬ ኢንሹራንስ ጃንዋሪ 10 ላይ ይታደሳል። በመጀመሪያው ዓመት ማጠራቀም የጀመርኩት ጁን ላይ ሆኖ ሳለ የዓመቱን ክፍያ ለ12 አካፍዬ በየወሩ ያንኑ አስቀመጥኩ። ዲሴምበር ላይ በእጄ የነበረው የክፍያው ግማሽ ያህል ነው። የቀረውን ከቤት ኪራዬ ላይ አነሳሁ።

ሲንኪንግ ፈንድ የሚባለው፣ ማለትም ለአንድ የታወቀ ወጪ ብቻ በየወሩ የሚቀመጥ ገንዘብ፣ የሚሠራው ክፍያው ለቀሩት ወራት ሲካፈል ነው። ያለፈው ዓመት አረቦን 48,000 ብር ነበር እንበል። ይጨምራል ብላችሁ 10 በመቶ አክሉበት፤ 52,800 ይሆናል። ዲሴምበርን ለመላኪያና ለመክፈያ ተዉት፣ ሐዋላ ሊዘገይ ይችላል፣ ደረሰኙን የሚቀበለው ዘመድም ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከጁን እስከ ኖቬምበር ያሉት ስድስት ወራት ናቸው፤ በየወሩ 8,800 ብር። ከባድ ነው፣ ግን ዘግይቶ የጀመረ ሰው ዕዳ ነው። ከከፈላችሁ በኋላ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ወዲያው ከጀመራችሁ 11 ወራት ስላሏችሁ 4,800 ይበቃል።

ገንዘቡን በየወሩ ወደ አገር ቤት አትላኩት። እህቴ ታማኝ ናት፣ ግን ቤት ውስጥ የተቀመጠ ብር የታመመ ሰው ሲመጣ ይወጣል፤ እኔም ብሆን አወጣው ነበር። ደመወዝ በምትቀበሉበት ገንዘብ፣ ከዕለት ወጪ በተለየ የቁጠባ አካውንት ይቀመጥ። በየወሩ የሚቀመጠውን በዚያ ቀን ምንዛሪ አስሉት። ብር ከወደቀ ትርፍ ይኖራችኋል፣ ከጠነከረ ግን ይጎድላችኋል፤ ያከላችሁት 10 በመቶ ለዚህም ነው።

ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ የሚቀጥለውን ዓመት ዋጋ አስጠይቁ። ያኔ አራት ጊዜ አስቀምጣችሁ 35,200 ብር ይዛችኋል። አዲሱ አረቦን 56,000 ነው ከተባላችሁ የጎደለው 20,800 ነው፤ ለሁለቱ ቀሪ ወራት 10,400፣ 10,400 ማለት ነው። ሳይጠይቁ ቆይቶ ጃንዋሪ ላይ ከመደንገጥ ይሻላል።

እዚሁ ላይ አንድ ፈተና አለ። አረቦኑ ሲከብድ መኪናው በድሮው ዋጋ ይመዝገብ ማለት ያምራል። ብዙ ውሎች ግን ንብረቱ ከዋጋው በታች ከተመዘገበ ካሳውን በዚያው ልክ ይቀንሳሉ። 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,000,000 ከተመዘገበ፣ የ200,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው 100,000 ያህል ነው፤ ከዚያ ላይም በውሉ መሠረት በራሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ ይቀነሳል። ስለዚህ ዋጋ ስታስጠይቁ የመኪናውን የዛሬ ግምት ተናገሩ፤ የወር ቁጠባችሁንም በዚያ ላይ ቀምሩ።