የሐኪም ፕሮፋይል አጻጻፍ፦ የትምህርት ማስረጃንና የሚታከመውን ሕመም ታካሚን በሚያረጋጋ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ

በየክሊኒኩ ገጽ ላይ የሚታየው የሐኪም ፕሮፋይል ብዙውን ጊዜ ከሲቪ ተገልብጦ የመጣ ነው። ሲቪ የሚጻፈው ለቀጣሪ ስለሆነ ከሕክምና ትምህርት ቤት ይነሳል፣ በዓመት ይደረደራል፣ የሥልጠና ወረቀት ሁሉ ይዘረዘርበታል። ታካሚ ግን ፕሮፋይል የሚያነበው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ፣ እያመመው ወይም እየፈራ ነው። መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ሐኪሟ የእሱን ዓይነት ሕመም ማየት አለማየቷን ነው። ቀጥሎ ለዚያ ሥራ በትክክል ተምራ እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ ሲሄድ ምን እንደሚደረግለት ማወቅ ይፈልጋል። ፕሮፋይሉም በዚሁ ተራ መሄድ አለበት።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። የጨጓራ፣ የአንጀትና የጉበት ስፔሻሊስት የሆነች ሐኪም አለች፤ ዶ/ር እገሊት እንበላት። የቀድሞ ፕሮፋይሏ እንዲህ ይላል፦

«ዶ/ር እገሊት፣ ኤም ዲ (2008)፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ (2013)፣ የጋስትሮኢንትሮሎጂ ፌሎውሺፕ (2016)፣ የሆድ አልትራሳውንድ ሰርተፊኬት፣ የሕክምና ሥነ ምግባር ሰርተፊኬት፣ የሦስት የሙያ ማኅበራት አባል። የጉበት ካንሰር፣ ሲሮሲስ፣ ክሮንስ፣ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ ሄፓታይተስ፣ ጂ ኢ አር ዲ፣ ኢንዶስኮፒ፣ ኮሎኖስኮፒና ሌሎችም።»

እዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ሆኖም አንድ ወር ሙሉ ቃር ያስቸገረው ሰው ራሱን አያገኝበትም። የእሱ ሕመም ጂ ኢ አር ዲ በሚባል በማያውቀው ስም ተሸፍኗል፤ ከሕመሞቹ ሁሉ ቀድሞ ዓይኑ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ካንሰር ነው።

1. ከመጻፍዎ በፊት ሁለት ዝርዝር ያዘጋጁ

የመጀመሪያው የማስረጃ ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ ወረቀት ማን እንደሰጠው፣ በየትኛው ዓመት እንደተሰጠና ሥልጠናው ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይጻፉ። ዋናው ወይም ቅጂው እጅ ላይ የሌለ ማስረጃ ከዝርዝሩ ይውጣ። የሐኪሙ ስም አጻጻፍና የምዝገባ ቁጥሩ ሙያ ፈቃድ ሰጪው አካል ዘንድ ካለው መዝገብ ጋር በፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። በብዙ አገር ይህ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ስሙን ፈልጎ ያጣ ታካሚ የፊደል ግድፈት ነው ብሎ አያልፈውም፣ ይጠራጠራል።

ሁለተኛው የሥራ ዝርዝር ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት የቀጠሮ መዝገብ አውጥተው ሰዎች በምን ምክንያት እንደመጡ ይቁጠሩ። እንግዳ ተቀባዮቹም ለሁለት ሳምንት ያህል በስልክ የሚመጡ ጥያቄዎችን እንዲመዘግቡ ያድርጉ። «ልጅ ታያለች?»፣ «ሪፈር ያስፈልጋል?»፣ «ምርመራው እዚያው ይሠራል?» የሚሉ ጥያቄዎች ደጋግመው ከመጡ መልሱ ፕሮፋይሉ ላይ የለም ወይም ተቀብሯል ማለት ነው።

2. የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ለታካሚው ጥያቄ ይስጡ

ስልክ ላይ ፎቶና ስም ቦታ ከያዙ በኋላ ሳይሸበለል የሚታየው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እዚያ መግባት ያለበት የሐኪሙ ሙያ በተለመደ ቃል፣ የሚያያቸው ሰዎች የዕድሜ ክልልና ዋናው ማስረጃ ነው፦ «የጨጓራ፣ የአንጀትና የጉበት ሐኪም። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ታካሚዎችን ታያለች። በውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፣ በጨጓራ፣ በአንጀትና በጉበት ሕክምና ሰብ ስፔሻሊስት።» ጋስትሮኢንትሮሎጂስት የሚለው መጠሪያ ቀጥሎ ቢመጣ አይከፋም፤ ከሌላ ሐኪም ሪፈር ይዞ የመጣ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ።

3. የሚታከመውን ከስሜት ወደ ሕመም፣ ከቀላል ወደ ከባድ ይደርድሩ

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው። ታካሚ የሚያውቀው የሚሰማውን ስሜት እንጂ የበሽታውን ስም አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ታካሚው በሚያውቀው ቃል ይጀምር፤ ሐኪሙ የሚያውቀው ስም ካስፈለገ ከኋላ ይምጣ፦ «ቃርና ወደ ጉሮሮ የሚመለስ የጨጓራ አሲድ»፣ «የጨጓራ ሕመምና ቁስለት፣ የኤች ፓይሎሪ ምርመራና ሕክምና»፣ «የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ»፣ «ሰገራ ላይ የሚታይ ደም»፣ «የጉበት ምርመራ ውጤት መዛባትና የሄፓታይተስ ክትትል»።

የመስመሮቹን ተራ የሚወስነው የቀጠሮ መዝገቡ ነው፤ ብዙ ሰው የሚመጣበት ከላይ ይሁን። ሐኪሞች ከባዱን በሽታ ማስቀደም የሚወዱት ችሎታን ያሳያል ብለው ነው። ለሥራ ባልደረባ በእርግጥ ያሳያል። በቃር የመጣው ሰው ግን የራሱን ሕመም ከካንሰር አጠገብ ተጽፎ ሲያይ የሚያነበው ችሎታን ሳይሆን ሊደርስበት ይችላል ብሎ የሚፈራውን ነው። ከባዶቹን መደበቅም ትክክል አይሆንም፤ የክሮንስ ወይም የሲሮሲስ ታካሚ ክትትል የሚያገኝበትን ቦታ ይፈልጋል። በመጨረሻ ላይ «የረጅም ጊዜ ክትትል የሚያስፈልጋቸው» በሚል ንዑስ ርዕስ ሥር ቢቀመጡ ሁለቱም አንባቢ የየራሱን ያገኛል።

ብዛቱ ከአምስት እስከ ስምንት መስመር ይበቃል። ሃያ አምስት በሽታ የተዘረዘረበት ፕሮፋይል ሐኪሟ በየትኛው እንደምትበረታ አይናገርም። «ሌሎችም» የሚለውን ያውጡት፤ ሕመሙን በዝርዝሩ ላይ ያጣ ሰው ይካተት አይካተት አያውቅም፣ መልሶ የሚደውለው እንግዳ ተቀባዩ ጋ ነው።

ከዝርዝሩ ሥር ክሊኒኩ የማያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ለዚህች ሐኪም፦ «ደም ያስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም የያዘው ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።» ድንበሩን በግልጽ የሚናገር ክሊኒክ ይታመናል፤ ከዚያም በላይ ይህች መስመር ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች።

4. እያንዳንዱን ማስረጃ ከሚያስችለው ሥራ ጋር ያስሩ

አሁን የትምህርቱ ተራ ደረሰ። ከላይ የሚቀመጠው ለሚታየው ሕመም በጣም የሚቀርበው ማስረጃ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይወረዳል። በእኛ ምሳሌ ሰብ ስፔሻሊቲው፣ ቀጥሎ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲው፣ በመጨረሻ የሕክምና ዲግሪው ይመጣል። የሙያ ፈቃድ ቁጥሩ እዚሁ በራሱ መስመር ይቀመጥ። ዲግሪው ከታች መዋሉ ማነሱን አያሳይም፤ ሐኪም ሁሉ ስላለው ታካሚው ይህችን ሐኪም ከሌላው እንዲለይ አይረዳውም።

የፌሎውሺፕ ስም ብቻውን ግን ለታካሚ ብዙ አይነግረውም። ምን ለመሥራት እንዳበቃት ሲጨመርበት ትርጉም ያገኛል፦ «የጨጓራ፣ የአንጀትና የጉበት ሕክምና ሰብ ስፔሻሊቲ (2016)፤ ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ በዚህ ሥልጠና ውስጥ የተካተቱ ናቸው።» አሁን «ይህን ቱቦ የምታስገባልኝ ሰው ተምራዋለች?» የሚለው ያልተነገረ ፍርሃት መልስ አገኘ።

የአጭር ጊዜ ኮርስ ሁለት ጥያቄ ይለፍ፤ ክሊኒኩ ውስጥ በዚህ ዕውቀት የሚሰጥ አገልግሎት አለ? የኮርሱ ርዝመትስ ተጽፏል? ዶ/ር እገሊት የሆድ አልትራሳውንድ ራሷ የምትሠራ ከሆነ «የሆድ አልትራሳውንድ፣ የ5 ቀን ኮርስ» ተብሎ ከአገልግሎቱ ጎን ይግባ። አልትራሳውንዱን የሚሠራው ራዲዮሎጂስት ከሆነ ይውጣ። የጥቂት ቀናት ኮርስ ርዝመቱ ሳይነገር ከዓመታት ስፔሻሊቲ ጋር በአንድ ረድፍ ከተቀመጠ እኩያው ይመስላል፤ ልዩነቱ የገባው አንባቢ ደግሞ ትልቁንም ማስረጃ ማመን ይተዋል። የሥነ ምግባር ሥልጠናው ከሐኪም ሁሉ የሚጠበቅ ስለሆነ ቦታ አይውሰድ። የማኅበር አባልነት በአብዛኛው በክፍያና በማመልከቻ ስለሚገኝ፣ ከሙያዋ ጋር የሚገናኘው አንዱ ብቻ በመጨረሻው መስመር ላይ ይበቃል።

5. ልምድን ሲጽፉ መነሻ ዓመቱን ይግለጹ

«የ18 ዓመት ልምድ» ሲባል ከዲግሪው ነው ወይስ ከሰብ ስፔሻሊቲው? ከ2008 ከተቆጠረና ከ2016 ከተቆጠረ ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው፤ ታካሚው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። «ከ2016 ጀምሮ በጨጓራ፣ በአንጀትና በጉበት ሕክምና ላይ ትሠራለች» ቢባል መነሻው ይታወቃል፣ በየዓመቱም ማረም አያስፈልግም። የሠራችው ኢንዶስኮፒ ብዛት የሚጻፈው ከምርመራ መዝገብ የተቆጠረ ከሆነ ብቻ ነው። «ምርጥ»፣ «ቁጥር አንድ»፣ «ፍጹም ፈውስ» የሚሉ ቃላት በብዙ አገር በሙያ ደንብ የተከለከሉ ናቸው፤ ባይከለከሉም የፈራ ሰው የሚሰማቸው እንደ ሻጭ ቃል ነው።

ታካሚ የሚፈራው ምርመራ ካለ ከልምዱ ቀጥሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ጉሮሮንና ጨጓራን የማየት ምርመራ ነው። ማስታገሻ ከተሰጠዎት በዚያን ቀን መኪና ስለማይነዱ አብሮዎት የሚመለስ ሰው ይዘው ይምጡ።»

6. የሕክምና ሙያ በሌለው ሰው ይፈትሹት

ፕሮፋይሉን ለሦስት ወይም አራት ሰዎች በስልክ ስክሪን ላይ ያሳዩ። ከ10 ሰከንድ በኋላ ስልኩን ይቀበሉና ሐኪሟ ምን እንደምታክም፣ እነማንን እንደምታይና በምን እንደሠለጠነች ይጠይቁ። ምን እንደምታክም ያልመለሱ ከሆነ መጀመሪያው መስመር ላይ የባለሙያ ቃል በዝቷል። ሥልጠናውን ካልመለሱ ማስረጃው ወደ ታች ወርዷል ወይም በምህጻረ ቃል ተሸፍኗል። «ስለ ካንሰር ነው» ካሉ ደግሞ የሕመሞቹን ተራ እንደገና ይዩት።

ከተስተካከለ በኋላ የዶ/ር እገሊት ፕሮፋይል ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይሄዳል፦ ሙያዋና የምታያቸው ሰዎች፤ ከቃር ተነስቶ በረጅም ጊዜ ክትትል የሚያበቃ የሕመም ዝርዝር፤ የድንገተኛ ሕመም ማሳሰቢያው፤ ሰብ ስፔሻሊቲ፣ ስፔሻሊቲና ዲግሪ ከፈቃድ ቁጥሩ ጋር፤ ከ2016 ጀምሮ ያለው ልምድና የኢንዶስኮፒው ማብራሪያ፤ በመጨረሻም አንዱ አባልነት።

የሙያ ፈቃዱ በሚታደስበት ወቅት ፕሮፋይሉም አብሮ ይታይ። የኢንዶስኮፒ ማሽኑ ከተበላሸና ክሊኒኩ ታካሚን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ከጀመረ ግን እድሳቱ አይጠበቅም፤ መስመሩ በዚያው ቀን «ምርመራው በሪፈር ይሠራል» ተብሎ ይስተካከል። ለምርመራው ጾሞ የመጣ ሰው እንግዳ መቀበያው ጋ ማሽን የለም ከተባለ፣ ከዚያ በኋላ ሌላውንም መስመር አያምንም።