«ባይዊክሊ» ብላችሁ አትጻፉ

ደሴ ላለ ምግብ ቤት ከኮምቦልቻ እንቁላል የሚያመጣልን ሰው ነበር። ውሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ርክክቡ «ባይዊክሊ» ተባለ። እኛ በሳምንት ሁለቴ ብለን ጠበቅን፤ እሱ በሁለት ሳምንት አንዴ መጣ። በአራት ሳምንት 8 ጊዜ የጠበቅነው 2 ጊዜ ብቻ ሆነ። ክርክሩን ተዉት፤ መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ሁለታችንም ልክ ነበርን!

ጣጣው «ባይ» ላይ ነው። ሁለት ማለት ነው እንጂ ሳምንቱን ያባዛ ወይስ ይክፈል አይናገርም። «ባይመንዝሊ»ም ያው፤ በወር ሁለቴ ወይም በሁለት ወር አንዴ። «ሰሚ» ግማሽ ስለሆነ «ሰሚዊክሊ» በደንቡ በሳምንት ሁለቴ ነው። ግን ከ«ባይዊክሊ» ጋር እየተምታታ በሁለት ሳምንት አንዴ አድርጎ የሚረዳው አይጠፋም። አንባቢው ደንቡን ያውቃል ብላችሁ አትመኑ።

አማርኛችንም ወጥመድ አለው። «በየ15 ቀኑ» ስንል ብዙ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ማለታችን ነው። ቆጣሪ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ማክሰኞ የጀመረው ቀጥሎ ረቡዕ፣ ከዚያ ሐሙስ ይመጣል። ሁለት ሳምንት 14 ቀን ነዋ።

አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። የመጀመሪያው ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ቀጥሎ ጥቅምት 18፣ ከዚያ ኅዳር 2።»

በሳምንት ሁለቴ ከሆነ «ዘወትር ማክሰኞና ዓርብ» ይበቃል። ሦስቱን ቀኖች መጻፍ አትሰልቹ፤ የቃሉን ትርጉም የተሳሳተ ሰው እዚያ ላይ ሲደርስ ወዲያው ይነቃል።